መናኸሪያ አጠገብ ያለው ቤት 45 ሺህ ብር ያወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ 40 ሰው የሚይዝ ምግብ ቤት ልከፍት ነው። መናኸሪያው አጠገብ አስፋልት ዳር አንድ ቤት አገኘሁ። ኪራዩ በወር 45 ሺህ ብር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ 620 ሰው ቆጠርኩ። ሌላው ቤት ገባ ያለ ሰፈር ውስጥ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አጠገብ ነው። ኪራዩ 24 ሺህ ብር ነው፤ እዚያ ግን በዚያው ቀን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለፈው 140 ሰው ብቻ ነው። ደላላው ‹ለዚህ ሁሉ ሰው 45 ሺህ ርካሽ ነው› ይለኛል። የመናኸሪያው አከራይ የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋል፤ ውሉም የአንድ ዓመት ነው። ለማደስ 600 ሺህ ብር ይዣለሁ። የቱን ልውሰድ?»

መልስ፦ ደላላው ኪራዩን ባላፊ አግዳሚው ቁጥር አካፍሎ ነው ርካሽ ያለው። በዚህ ሒሳብ ቤት አይመዘንም። ኪራይ የሚከፈለው ከሽያጭ ነው። ከሚያልፈው ሰው ስንቱ ገብቶ ይበላል? ስንት ብር ከፍሎ ይወጣል? እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ 45 ሺህ ርካሽ ነው ወይም ውድ ነው ማለት አይቻልም። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ውሉ ሲፈረም ነው። ስድስት ወር ቆይቶ ቤቱ ባዶ ቢውል እሱን አይነካውም።

ቆጠራዎን ደግሞ እንየው። መቁጠርዎ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይህንንም አያደርግም። ግን የመረጡት ቀንና ሰዓት ሁለቱንም ቤቶች በተሳሳተ መልክ አሳይቶዎታል። ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛው ከየገጠሩ ወደ ከተማ የሚገባበት፣ ዘመድ ጠያቂውም መንገድ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ማክሰኞን መገመት አይቻልም። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ደግሞ ቁርስ የሚበላው በልቶ ጨርሷል፤ ምሳ ገና ነው። በሁለተኛው ቤት የባሰ ነገር ተፈጥሯል። የዚያ ሰፈር ዋና ደንበኛ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እርስዎ ግን የቆጠሩት ቢሮዎቹ ዝግ በሆኑበት ቀን ነው። ያዩት 140 ሰው የሰፈሩን ነዋሪ ብቻ ነው። ሊመግቡት ያሰቡትን ሰው ገና አልቆጠሩትም።

አሁን ወደ መናኸሪያው ሰው እንምጣ። እዚያ የሚያልፈው በአብዛኛው ወይ ሊሳፈር የሚሮጥ ወይ ከመኪና የወረደ ነው። ሊሳፈር የሚሮጠው ሻንጣ ወይም ማዳበሪያ ተሸክሟል፤ ዓይኑ ረዳቱ ላይ ነው። ይህ ሰው ተጋቢኖ እስኪፈላ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሻይ በዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ሙዝ፣ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ይሄዳል። የወረደው ደግሞ ባጃጅ ፈልጎ ቤቱ መድረስ ነው የሚፈልገው። በእግር የሚያልፍ ሰው መብዛቱና የሚበላ ሰው መብዛቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መናኸሪያ አካባቢ ይህ ልዩነት በጣም ይሰፋል።

«በደሴ መስመር የሚያልፉት አውቶቡሶችስ?» ይሉኝ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች፣ በጠዋት ለተነሳ ተሳፋሪ ለቁርስ ትመቻለች። ነገር ግን ተሳፋሪው የት እንደሚበላ የሚወስነው ሹፌሩ ነው። ሹፌርና ረዳት የለመዱት ቤት አላቸው። ሰፊ መቆሚያ፣ በቂ መጸዳጃ ቤት፣ ስልሳ ሰው አንዴ ሲወርድበት የማይደነግጥ ማድቤት ያለው ቤት ነው። እነሱም እዚያ በነፃ ይበላሉ። የእርስዎ 40 መቀመጫ ለአንድ አውቶቡስ አይበቃም። በዚያ ላይ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። የሰሜን ሸዋ ነጋዴ ይህን ባለፉት ዓመታት በደንብ አይቶታል። መኪና ካልተንቀሳቀሰ መናኸሪያው ጭር ይላል፤ ኪራዩ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት እንደገና ይቁጠሩ። ዓመቱን ሙሉ መቆም አያስፈልግም፤ ቀኖቹን መርጦ መቆም ነው። አንድ የፍስክ የሥራ ቀን ይያዙ፤ ማክሰኞ ይሻላል። አንድ የጾም ቀን ይጨምሩ፤ ረቡዕ ወይም አርብ። ቅዳሜና እሁድንም ያካትቱ። በየቀኑ የሚቆጥሩት በምግብ ሰዓት ነው፦ ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ቀን ከ6 እስከ 8፣ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት። ሙሉውን ሰዓት መቆም ከከበደዎ ከእያንዳንዱ ሰዓት 15 ደቂቃ ቆጥረው በአራት ያባዙ። ቁጥሩን በአንድ ዓምድ አይጻፉት። ዕቃ የተሸከመውን፣ ተማሪውን፣ ሠራተኛ የሚመስለውን፣ የሰፈሩን ሰው ለየብቻ ያድርጉ። ሁለት ጊዜ ያለፈውን አንድ ጊዜ ይቁጠሩት። የሚቆሙትም ከበሩ በኩል ባለው መንገድ ላይ ይሁን። ሰፊ አስፋልት ካለ በወዲያኛው ጠርዝ የሚሄደው ሰው ለእርስዎ አላፊ አይባልም፤ መኪና እየሸሸ ተሻግሮ የሚመጣ ጥቂት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ጠዋት ብርዱ ስለሚከብድ ሰው ፀሐይ ያለበትን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል፣ ፀሐይ ያለበት በረንዳ ላይም ይቀመጣል። በየሰዓቱ ፀሐይዋ በየትኛው በኩል እንዳለች ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ።

ይህ ግማሹ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ የጎረቤቱን በር መቁጠር ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሊከፍቱ ካሰቡት ቤት ጋር የሚመሳሰል፣ ዋጋውም የሚቀራረብ ምግብ ቤት በዚያው መስመር ላይ ይፈልጉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በበሩ ስንት ሰው አለፈ? ስንቱስ ገባ? ከመቶ አላፊ ሦስት ከገባ ሦስት በመቶ ብለው ይያዙ። ከዚያ እርስዎም ገብተው ምሳ ይብሉና በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ወንበር እንደተያዘ ይመልከቱ። ሌላም መንገድ አለ። ብዙ ምግብ ቤት እንጀራ የሚረከበው ከውጭ ነው። እንጀራ የምታስረክበውን ሴት በወዳጅነት ቢጠይቋት፣ ያ ቤት በቀን ስንት እንጀራ እንደሚወስድ ትነግርዎታለች። ለአንድ ተመጋቢ አንድ ወይም አንድ ተኩል እንጀራ ብለው ቢያካፍሉ፣ በቀን ስንት ሰው እንደሚበላ ይቀርብልዎታል። ባለቤቱን ከጠየቁ ግን ወይ ያጋንናል ወይ ያለቅሳል።

አሁን ወደ ኪራዩ። ለምግብ ቤት የምመክረው ልክ እንዲህ ነው። ኪራዩ ከወር ሽያጭዎ 8 በመቶ ከሆነ መልካም ነው። 10 በመቶ ጣሪያ ነው። ከ12 በመቶ ካለፈ ምግቡ የፈለገውን ያህል ቢጣፍጥ ቤቱን ይተዉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሥጋ፣ በርበሬ፣ ቅቤ ከሽያጩ 40 እስከ 45 በመቶ ይበላሉ። ደመወዝ 15 በመቶ አካባቢ ይወስዳል። ጋዝ፣ ከሰል፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ የተሰበረ ዕቃ፣ የተረፈና የተበላሸ ምግብ ሌላ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ከቀረው ላይ ነው ኪራይም፣ ግብርም፣ የእርስዎ እንጀራም የሚወጣው። መቶኛው እንደየቤቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ኪራዩ ግን ደንበኛ መጣም ቀረም አይለወጥም፤ እንደ ሥጋው ዛሬ ቀነስ አድርገው ሊገዙት አይችሉም።

ሽያጭ ስል ቫት ሳይጨምር ነው። ቫት የሚሰበስቡ ከሆነ፣ ሜኑ ላይ 180 ብር ከተጻፈው ምግብ የእርስዎ 156 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው፤ 180ን ለ1.15 ማካፈል ነው። ቀሪው የመንግሥት ነው። ብዙ ጀማሪ ቫቱን እንደ ገቢ ቆጥሮ ኪራዩ የሚቻል ይመስለዋል።

የእርስዎን ሁለት ቤቶች በዚህ እንስራቸው። አንድ ሰው በአማካይ 180 ብር ይከፍላል እንበል፤ በያይነቱ የበላውም ጥብስ ያዘዘውም ሻይ ብቻ የጠጣውም ተደምሮ። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው የአላፊዎች ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የያዝኳቸው ናቸው። የራስዎን ቆጠራ ሲያገኙ ይተኩባቸው።

የመናኸሪያው ቤት ኪራዩ ከሽያጩ 10 በመቶ እንዲሆን በወር 450 ሺህ ብር መሸጥ አለበት። በ30 ቀን ሲካፈል በቀን 15 ሺህ ብር ነው። ለ156 ብር ከ50 ሲካፈል በቀን 96 ሰው ይመጣል። 40 መቀመጫ ካለዎት እያንዳንዱ ወንበር በየቀኑ፣ ጾምም ዝናብም ሳይባል፣ ከሁለት ጊዜ በላይ ሰው ማስቀመጥ አለበት ማለት ነው። አሁን በስድስቱ የምግብ ሰዓቶች በየሰዓቱ 300 ሰው ያልፋል እንበል፤ በጠቅላላው 1,800። ጎረቤት ያለው ምግብ ቤት ከመቶ ሦስት ሰው የሚያስገባ ከሆነ የእርስዎ ድርሻ 54 ሰው ነው። በወር 253 ሺህ ብር ገደማ ይሸጣሉ። 45 ሺህ ከዚህ ላይ ወደ 18 በመቶ ነው። በዚህ ልክ የሚሠራ ምግብ ቤት ትርፍ የለውም፤ ለአከራዩ እየሠራ ነው።

ይህንኑ ስሌት ወደ ኋላ ቢያስኬዱት ቤቱ ለእርስዎ ስንት እንደሚያወጣ ይነግርዎታል። የ253 ሺህ 10 በመቶ 25 ሺህ ብር ነው። አከራዩ 45 ሺህ ሲጠይቅ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል። ለሞባይል መሸጫ፣ ለባንክ፣ ለጅምላ አከፋፋይ 45 ሺህ ሊያወጣ ይችላል። ለእርስዎ ዓይነት ምግብ ቤት ግን 25 ሺህ ነው የሚያወጣው።

መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ያለው ቤት በወር 240 ሺህ፣ በቀን 8 ሺህ ብር መሸጥ ይበቃዋል። ያ 51 ሰው ነው። በሥራ ቀን ጠዋት በሰዓት 120፣ በምሳ በሰዓት 220፣ ማታ በሰዓት 50 ሰው ያልፋል እንበል። በሁለት በሁለት ሰዓት ሲሰላ 780 ሰው ነው፤ ከመናኸሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የሠራተኛ መንገድ ላይ የሚገባው ሰው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ምሳ ሊበላ የወጣ ነው፤ ነገም በዚያው ያልፋል። ከመቶ ስምንት ቢገባ 62 ሰው ይሆናል። እስካሁን ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ። ይህኛውም ቤት የራሱ ጉድ አለው። ቢሮ የሚሠራው ከሰኞ እስከ አርብ ነው። በወር 22 ቀን 62 ሰው፣ በቀሩት 8 ቀናት 20 ሰው ብቻ ቢመጣ በወር 1,524 ሰው ነው። ሽያጩ 238 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። 24 ሺህ ከዚህ ላይ 10 በመቶ ነው፤ ጣሪያው ላይ ደርሰዋል። ኪራዩን ወደ 20 ሺህ ቢያወርዱት 8.4 በመቶ ይሆናል። 21 ሺህ ከሆነ 8.8። ስለዚህ በዚህኛው ቤት ያለው ድርድር ሦስትና አራት ሺህ ብር ላይ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

የቢሮ ምሳ ሌላም ጠባይ አለው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሠራተኛው ከ6:30 እስከ 7:30 ነው የሚወጣው። ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል፤ አንድ ላይ ይሄዳል። አንድን ወንበር በምሳ ሁለት ጊዜ እሸጣለሁ ብለው አያስቡ። 40 መቀመጫ ካለዎት በምሳ ከ40 ብዙም የሚዘል ሰው አያገኙም። ምግቡም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ በሚቀጥለው ቀን ሰውየው ጎረቤት ነው። ወጡ ቀድሞ የሚደርስ፣ በያይነቱ በፍጥነት የሚቀርብበት ማድቤት ያስፈልጋል። አርብ የምሳ ሰዓቱ ከ5:30 ጀምሮ ሁለት ሰዓት ነው፤ ወንበር ሁለቴ ሊሞላ የሚችለው በዚያ ቀን ነው። አርብ ግን ጾም ነው። ለሥጋ የተዘጋጀ ሜኑ ካለዎት ያ ሰፊ ሰዓት አይጠቅምዎትም።

ጾሙን ከሒሳቡ ውጭ መተው አይቻልም። በዐቢይ ጾም ብዙው ሰው ከሰዓት በኋላ ድረስ አይበላም። ቁርስ ይጠፋል፤ ምሳም ይሳሳል። የሚበላውም የጾም ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ሒሳብ ይወርዳል። የሰው ቁጥር እንዳለ ሆኖ አማካይ ሒሳቡ ከ180 ወደ 140 ብር ብቻ ቢወርድ እንኳ፣ የ24 ሺሁ ቤት ኪራይ ከሽያጩ 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። 55 ቀን ሙሉ። ከጾሙ በኋላ ያለው ፍስክ የተወሰነውን ይመልሰዋል፤ ለዚህ ነው መቶኛውን በአንድ ወር ሳይሆን በዓመት የምመዝነው። ቆጠራዎን የሚያደርጉት ለምሳሌ በፋሲካ ማግስት ሳምንት ከሆነ ግን ያዩት ሁሉ የተጋነነ ነው። ደንበኛዎ ተማሪም ከሆነ ክረምቱን ያስቡ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ያ ዓምድ ባዶ ይሆናል።

እስካሁን ስለ ኪራዩ መጠን ነው ያወራሁት። ከመጠኑ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ግን የውሉ ዕድሜ ነው። ለማደስ 600 ሺህ ብር ይዣለሁ ብለዋል። ማድቤት፣ ሴራሚክ፣ የውሃና የመብራት መስመር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ቀለም፤ አብዛኛው ከግድግዳው ጋር የሚቀር ነው። በአንድ ዓመት ውል ሲከፋፈል በወር 50 ሺህ ብር ነው። ከኪራዩ ይበልጣል! በሦስት ዓመት ሲከፋፈል ግን ወደ 16,700 ብር ይወርዳል። አንድ ዓመት ሲሞላ አከራዩ ቤቱ ታድሶ፣ ደንበኛም ለምዶት ያያል። ኪራዩን ከፍ ያደርጋል፤ እርስዎም ያፈሰሱትን ጥለው ስለማይወጡ ይከፍላሉ።

«የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ አዋጅ ወጥቷል» የሚል ሰው ያጋጥምዎት ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤት ኪራይን ነው። የንግድ ቤትን አይነካም። ስለዚህ ጭማሪውን የሚገድብልዎ በውልዎ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። «በየጊዜው በገበያው ዋጋ ይስተካከላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ አይፈርሙ። የገበያውን ዋጋ የሚነግርዎት ራሱ አከራዩ ነው። በዓመት ይህን ያህል በመቶ ተብሎ በቁጥር ይጻፍ። 24 ሺሁ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር በሦስተኛው ዓመት 29 ሺህ ብር ይደርሳል። ያንን ቁጥር አሁኑኑ አውቀው መግባት ይችላሉ።

የአንድ ዓመት ቅድሚያ ክፍያ ለመናኸሪያው ቤት 540 ሺህ ብር ነው። እድሳቱ ሲጨመርበት አንድ ሰሃን ሳይሸጡ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ወጣ። ከዚያ ለጤፍና ለደመወዝ የሚሆን ካልቀረዎት የሚዘጉት በኪራዩ ምክንያት ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ እጦት ነው። እድሳቱ ሁለት ወር ከፈጀ ደግሞ የ12 ወር ኪራይ የሚከፍሉት ከ10 ወር ሽያጭ ነው፤ 45 ሺህ የተባለው በተግባር 54 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ የእድሳቱ ጊዜ ኪራይ እንዳይታሰብበት ይጠይቁ። ቤቱ ለወራት ባዶ የቆመ ከሆነ አንድ ወር ወይም ሁለት ወር የሚፈቅድ አከራይ አይጠፋም። ቅድሚያውንም ወደ ሦስት ወር፣ ቢበዛ ወደ ስድስት ወር ያውርዱት። አከራዩ ካቋረጠ ወይም ቤቱ በልማት ምክንያት ከፈረሰ፣ ያልተኖረበት ቅድሚያ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ይግባ።

ልማት ካልኩ አይቀር፣ አስፋልት ዳር ያለ ቤት ሲሆን ማዘጋጃ ቤት ሄደው በመንገድ ማስፋፊያ መስመር ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይጠይቁ። ካርታው በማን ስም ነው? የሚፈርመው ባለቤቱ ራሱ ነው ወይስ ተወካይ? ተወካይ ከሆነ ውክልናው ማከራየትን ይጨምራል? ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ፤ አንዱ ወንድም ከአዲስ አበባ መጥቶ «እኔ አላከራየሁም» የሚልበትን ቀን አይጠብቁ። ውሉም ሰነድ በሚያረጋግጠው መንግሥታዊ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ።

አንዳንድ አከራይ ሁለት ውል ይጠይቃል፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው ለግብር የሚታይ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው። ለእሱ ግብር ይቀንስለታል። ለእርስዎ ግን ወጪዎን ያሳንሰዋል፤ 45 ሺህ እየከፈሉ 15 ሺህ ብቻ በወጪ ይያዝልዎታል፣ ያላገኙት ትርፍም ግብር ይጠየቅበታል። ክርክር ቢነሳ የሚመለስልዎት ቅድሚያም በተጻፈው ልክ ነው። ሕገ ወጥነቱም ሳይረሳ። በዚህ ላይ አይስማሙ።

ቤቱን ራሱን ሲያዩ ውሃው በፈረቃ ከሆነ ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ መኖሩን፣ የፍሳሹ ጉድጓድ የማን እንደሆነና ማን እንደሚያስመጥጠው፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ መኖሩን፣ ጭሱ የት እንደሚወጣ ይመልከቱ። ከሌሉ የማስገቢያው ወጪ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይስፈር። ለጥበቃ፣ ለቆሻሻ፣ ለቦቴ ውሃ በየወሩ የሚከፍሉትንም ኪራዩ ላይ ደምረው ነው መቶኛውን የሚያወጡት። ኪራዩ 24 ሆኖ ሌላው 5 ሺህ ከሆነ ቤቱ የ29 ሺህ ቤት ነው።

ምክሬ ይህ ነው። የመናኸሪያውን ቤት በ45 ሺህ፣ በአንድ ዓመት ውልና በዓመት ቅድሚያ አይውሰዱት። እዚያ አካባቢ መሥራት ከፈለጉ ቤቱንም ሥራውንም ያሳንሱ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ቆሞ የሚጠጣ ሻይ፣ ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ እርጥብ። ያንን 620 ሰው የሚይዘው እንዲህ ያለ ቤት ነው። ለ40 መቀመጫው ግን መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ያለውን ይያዙ፤ ኪራዩና ከላይ የጠቀስኳቸው ወርሃዊ ወጪዎች ተደምረው ከ24 ሺህ ካላለፉ፣ ውሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከሆነና ጭማሪው በቁጥር ከተጻፈ። ከመፈረምዎ በፊት ማክሰኞና አርብ ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና ይቁጠሩ። በማክሰኞው ምሳ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልፈው በስሌቱ ከያዝኩት 440 ሰው ካነሰ፣ ወይም ጎረቤቱ ቤት ከመቶ ስምንት ሰው ካላስገባ፣ ይህንንም ይተዉትና ሦስተኛ ቤት ይፈልጉ። አከራዩ «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ዛሬ ካልፈረምክ» ቢልዎት ያ ሌላ ሰው ይውሰደው።